«ይቅዱ» የሚለው ቁልፍ

ዜናውን የሰማው ልብስ ሲያሰጣ ነበር። የሴት ልጁን የትምህርት ቤት ሸሚዝ ገመዱ ላይ ዘርግቶ፣ መቆንጠጫውን በጥርሱ ነክሶ ሳለ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነዘረ። የደወሉት የክሊኒኩ ነርሶች ኃላፊ ነበሩ፤ ትልቁም ትንሹም «ሲስተር» ብሎ ብቻ ነው የሚጠራቸው። በእረፍት ቀኑ ደውለውለት አያውቁም።

«ሽቦ፣ የት ነህ?»

«ቤት ነኝ ሲስተር። ልብስ እያሰጣሁ።»

«ተወውና ቶሎ ና። ያ የሠራህልን ቁልፍ የአንዱን ደም ለሌላው ሰጥቷል።»

መቆንጠጫው ከአፉ ወደቀ። «እንዴት ሆኖ?» ሲል ሲስተር ስልኩን ዘግተዋል።

ሽቦ ያሉት ቅጥነቱን አይተው ነው፤ ከኮምፒውተሮቹ ጀርባ ተንበርክኮ ገመድ ሲፈታና ሲያስር ስለሚውልም ነው። ሥራውን የጀመረው ፕሪንተር በመጠገን ነበር። ፕሮግራም መጻፍ ማንም አላስተማረውም፤ እየሞከረ፣ እያበላሸ፣ እንደገና እየሞከረ የለመደው ነው። ሚስቱ በሕይወት ሳለች የሠራውን ሁሉ መጀመሪያ የምትነካካው እሷ ነበረች። አትንኪ የተባለችውን ትነካለች፣ ወደ ኋላ ትመለሳለች፣ መሀል ላይ ትዘጋዋለች። «እኔ ካላበላሸሁት ማንም አያበላሸውም» ትል ነበር። ባለፈው ክረምት አረፈች። ከዚያ ወዲህ የሠራውን የሚፈትነው ራሱ ነው።

ቁልፉ የመጣው በሲስተር ምሬት ነው። ክሊኒኩ የራሱ ላቦራቶሪ የለውም፤ ደም ተወስዶ ወደ ሌላ ድርጅት ይላካል፣ ውጤቱም በዚያ ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። ነርሶቹ ገጹን እያዩ ቁጥሩን በእጃቸው እየጻፉ ለሐኪሙ በስልክ መልእክት ይልኩ ነበር። አንድ ቀን ነጥቧ ተዘለለችና አንድ ነጥብ አራት የነበረው አሥራ አራት ሆኖ ሄደ። ሐኪሙም ታካሚውም ሲደነግጡ፣ ክሊኒኩ ሲተራመስ ዋለ።

«አንተ ልጅ፣» አሉት ሲስተር በማግስቱ፣ «እዚህ ገጽ ላይ ራሱ የሚገለብጥልን ነገር አትጨምርልንም?»

«ገጹ የኛ አይደለም ሲስተር። የሰው ቤት ነው።»

«ታዲያ መላ የለውም?»

«አለው። ቤታቸውን ሳንነካ የኛ መነጽር ላይ ቁልፍ እንለጥፋለን። ድረ ገጽ በምንከፍትበት በእኛ ብሮውዘር ላይ ብቻ ነው የሚታየው። ኤክስቴንሽን ይባላል።»

«የመብራት ገመዱ?»

«ስሙ ነው እንጂ ገመድ የለውም።»

«አንተ ደግሞ ገመድ የሌለው ነገር መቼ ታውቃለህ!» ብለው ሳቁበት።

ነገሩ በአንድ ማኅደር ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ፋይሎች ነበር። አንደኛው ማኒፌስት የሚባለው ነው፤ እንደ መታወቂያ ወረቀት የኤክስቴንሽኑን ስም፣ ስንተኛ እትም እንደሆነና በየትኛው አድራሻ ላይ እንዲሠራ እንደተፈቀደለት ይናገራል። ሽቦ እዚያ ላይ የላቦራቶሪውን የውጤት ገጾች አድራሻ ብቻ ጻፈ። ነርሶቹ ሌላ ድረ ገጽ ቢከፍቱ ኤክስቴንሽኑ እጁን እንዳያስገባ ተጠነቀቀ። ሁለተኛው ፋይል ገጹ ተከፍቶ ሲያበቃ የሚገባው ጽሑፍ ነው። የታካሚው ስም ያለበትን ቦታ ፈልጎ አጠገቡ ቁልፍ ይተክላል፤ ቁልፉ ሲጫኑት ስሙንና ቁጥሮቹን ይገለብጣል፤ ነርሷ መልእክቱ ላይ መለጠፍ ብቻ ይቀራታል።

ቁልፉ ላይ መጀመሪያ የጻፈው «ቅዳ» የሚል ነበር።

«ምን ልቅዳ? ውሃ ነው ሻይ?» አለች አንዷ ነርስ።

ሲስተር ግን መነጽራቸውን አውልቀው አዩት። «እኔን ነው አንተ የሚለኝ? ያውም እንደ ወንድ! ይሄን ቁልፍህን ማን አሳደገው?»

«ይቅርታ ሲስተር፣ አስተካክላለሁ።»

«ቅጂ» ብሎ ቢለውጠው ለወንዱ ነርስ አልሆነም፤ ሳቁበት። በመጨረሻ «ይቅዱ» ብሎ ጻፈና ሁሉም ደስ አላቸው። በእያንዳንዱ ለውጥ ፋይሉን ያስቀምጣል፣ ኤክስቴንሽኑን እንደገና ይጭናል፣ የውጤቱን ገጽ ያድሳል፣ ቁልፉን ይጫናል፣ ያያል። ልክ ነው። ሌላ ታካሚ ይከፍታል፣ ገጹን ያድሳል፣ ይጫናል። ልክ ነው። የሠራ ሰው እጅ አመል አለው፤ የእሱ አመል ማደስ ነበር።

አሁን በታክሲው መስኮት በኩል እያየ ምን እንዳጠፋ ሊያስብ ሞከረ። ሐሳቡ አልሰበሰብ አለው። ሾፌሩ ሁለቴ «እዚህ ነው?» ሲለው ሳይሰማው ቀረ።

ሲስተር በር ላይ ጠበቁት። እየተራመዱ ነገሩት። ትናንት አንዲት ልብስ ሰፊ ደም ሰጥታ ውጤቷ ደህና ነበር። ሐኪሙ ግን በእሷ ስም ሁለት መልእክት ደረሰው፤ አንዱ ደህና፣ ቀጥሎ የመጣው ግን ፖታሲየም ስድስት ነጥብ ዘጠኝ ይላል። ሁለተኛውን እርማት ነው ብሎ ያዘው። ዛሬ ጠዋት ሴትዮዋ ተጠርታ መጣች፤ ደሟ በአስቸኳይ እንደገና ቢታይ ምንም የለባትም።

«እሷማ ደንግጣ ሄደች፣ ይሄ ቀላል ነው፣» አሉ ሲስተር። «ስድስት ነጥብ ዘጠኙ ግን የአንድ ሰው ነው። ያ ሰው ማነው? እንዲህ የጨመረ ፖታሲየም ልብ ያቆማል።»

ሽቦ ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ገጹን ከፈተ፤ የልብስ ሰፊዋን ስም ፈለገ፤ ቁልፉን ተጫነ፤ የተቀዳውን ባዶ ገጽ ላይ ለጠፈው። ልክ ነበር።

«እርስዎ እንዴት አድርገው ነበር? እንዳደረጉት አድርገው ያሳዩኝ።»

ሲስተር አጠገቡ ጎንበስ አሉ። «ሁልጊዜ በስም እየፈለግሁ ነው የምከፍተው። ትናንት ሰው በዝቶብኝ ይቺን ተጫንኩ» አሉና ከገጹ ጥግ ያለችውን «ቀጣይ» የምትል ቀስት ነኩ።

ገጹ እንደ አዲስ አልተከፈተም፤ ስሙና ቁጥሮቹ ብቻ በቦታቸው ተለወጡ። የላይኛው ስም አሁን የአንድ አናጢ ነበር። ከሥሩ ስድስት ነጥብ ዘጠኝ በቀይ ተጽፏል። ሽቦ «ይቅዱ»ን ተጫነና ለጠፈው። የወጣው የልብስ ሰፊዋ ስም፣ የአናጢው ደም ነው።

የሠራው ጽሑፍ ስሙን ያነበበው ገጹ ሲከፈት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ቁጥሮቹን ግን ቁልፉ በተነካ ቁጥር ያነባል። ቀስቷ ገጹን እንደ አዲስ ስለማትከፍት የእሱ ጽሑፍ ዳግም አይጀምርም፤ የያዘውን የመጀመሪያ ስም እንደያዘ ይቀራል። እሱ ሲፈትን ሁልጊዜ ገጹን ያድስ ስለነበር ይህን አንድም ቀን አላየውም። ለማን «አንተ»፣ ለማን «እርስዎ» እንደሚባል ሲጨነቅ የማን ስም እንደሚወጣ አላየም።

«እኔም ሳላነበው ነው የላክሁት፣» አሉ ሲስተር በዝግታ። «አሁን እሱን ተወው። ሰውዬውን እናግኝ።»

ለአናጢው ማንም አልደወለም ነበር። ደም ሲሰጡ «ችግር ካለ እንደውላለን» ተብለዋል፤ ስልክ ያልተደወለለት ደግሞ ደህና ነኝ ብሎ ነው የሚያድር። ሲስተር ወደ አናጢው ስልክ ቢደውሉ አይነሳም። ሁለተኛው ቁጥር የባለቤታቸው ነበር።

«ሥራ ቦታ ናቸው እኮ፣» አሉ ባለቤታቸው። «ማሽኑ እያጓራ አይሰሙም። ምነው፣ ምን ተገኘ?»

«እንደገና ልናያቸው ፈልገን ነው። እንዴት ዋሉ?»

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እግሬ ከበደኝ ይላሉ። እርጅና ነው ብለን... ኧረ ሲስተር፣ ምንድነው?»

ሲስተር ሐኪሙን ለማዘጋጀት ቀሩ፤ ሽቦ የአናጢው ባለቤት የነገሩትን የእንጨት ሥራ ቤት አድራሻ ይዞ ሮጠ። ታክሲው መንገድ ሲዘጋበት የቀረውን በእግሩ ጨረሰው። በእንጨት ብናኝ የተሸፈነ ሰው መጋዝ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ትንፋሹ መለስ አለ።

«ጋሼ! ጋሼ፣ ማሽኑን ያጥፉት!»

አናጢው አጥፍተው ዞሩ። ጠረጴዛውን በእጃቸው ተደግፈዋል። «አንተ ማነህ? ለበሩ ነው የመጣኸው? ነገ ነው ያልኩት።»

«ከክሊኒኩ ነኝ። የደም ውጤትዎ መጥቷል፤ አሁኑኑ መሄድ አለብዎት።»

«ደሜ ምን አጠፋ?»

«ፖታሲየምዎ ከፍ ብሏል።»

«ከፍ ያለ ነገር ጥሩ መስሎኝ! እኔ ቤት ከፍ ያለው ጣሪያው ብቻ ነው።» ሳቁ። ሽቦ አልሳቀም። «ማጠፊያውን ልምታና እንሄዳለን። ሰው በር አልባ አድሮ ነው የሚጠብቀኝ።»

«ጋሼ፣ እግርዎ ከብዷል አይደል?»

ሰውዬው ሳቃቸውን አቆሙ። «ማን ነገረህ?»

«ባለቤትዎ። ይህ ከእርጅና ላይሆን ይችላል። ትናንት ልንነግርዎት ይገባ ነበር፤ በኔ ስህተት ነው የቀረው። እባክዎ።»

 አናጢው ያነሱትን መዶሻ መልሰው አስቀመጡና እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣሉ። ደረጃውን ሲወርዱ ክብደታቸው እየበዛበት ሄደ። ታክሲ ውስጥ ትንፋሻቸውን እየሰማ ቆየ፤ ዝም ሲሉ «ጋሼ?» ይላል፤ «አለሁ፣ አለሁ፣ አትነዝንዘኝ» ይላሉ።

ክሊኒኩ ሲደርሱ የልብ ምታቸውን የሚጽፈው ማሽን ተገጠመላቸው። ሐኪሙ የወጣውን ወረቀት በጥንቃቄ አየና መድኃኒት አዘዘ። ወደ ሆስፒታል የሚወስዳቸው መኪና ተጠራ። ሽቦ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ የልጁ ትምህርት ቤት መውጫ ሰዓት መድረሱ ትዝ አለው፤ ለጎረቤቱ ደውሎ እንድታመጣለት ለመናት። ድምፁ ደህና እንዲመስል ጣረ።

ሐኪሙ ሲወጣ «ደርሳችሁላቸዋል» አለ። «የዛሬን ሌሊት ሳይታከሙ ቢያድሩ ኖሮ ግን አላውቅም።»

ሲስተር ግድግዳውን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሽቦን ግን አልተቆጡትም፤ ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

ከየኮምፒውተሩ ላይ ኤክስቴንሽኑን አጠፋ። ስህተቱን ማረም ቀላል ነው፤ ስሙም እንደ ቁጥሮቹ ቁልፉ በተነካ ጊዜ እንዲነበብ አንድ መስመር ከላይ አንስቶ ቁልፉ ሲነካ ከሚሠሩት መስመሮች ጋር ማስገባት ነው። መስመሩን አዛወረው፤ ገጹን ሳያድስ በቀስቷ እያለፈ ሞከረው፤ ሠራ። ነገር ግን ሌላ ሰው ነካክቶ ሳይፈትነው መልሶ ሊጭነው አልደፈረም።

ከነርሶቹ መካከል ሌላ ማን ቀስቷን እንደተጠቀመ ሲጠየቁ፣ አንዷ «አላስታውስም» አለች፤ ሌላው «እኔ አልፎ አልፎ» አለ። ቁልፉ ከተተከለ ጀምሮ ለሐኪሞች የተላኩት መልእክቶች አንድ በአንድ ከላቦራቶሪው ገጽ ጋር መመሳከር አለባቸው። ሲስተርና ሽቦ አብረው ተቀምጠው ጀምረውታል። አብዛኞቹ ገና አልታዩም፤ ስልክ ያልተደወለላቸው ሰዎች እነማን እንደሆኑም ገና አልታወቀም።