ካሜራው ከየት ይጀምር

ያንን ፊልም ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ስለ ንጹሕ ውሃ የሚያስተምር፣ በሥዕል የተሠራ፣ አሥር ደቂቃ የማይሞላ አጭር ፊልም ነበር። የሠራነው ኮልፌ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት በተከራየው የቆርቆሮ መጋዘን ነው። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ሥዕሉን የምሥለውና የካሜራውን ጉዞ የማቅደው እኔ ነበርኩ። በካሜራው የሚቀርጽ አንድ ባልደረባ ነበረኝ፤ ከሁለታችን በላይ ደግሞ ኃላፊያችን ነበሩ።

ፊልሙ ውስጥ አንድ ትልቅ ትዕይንት ነበር። ከመጋዘኑ ጀርባ የሚወርደውን ወንዝ ከላይ እስከ ታች የሚያሳይ ነው። ሥዕሉን ከመጀመሬ በፊት ወንዙን ተከትዬ ሽቅብ ወጥቼ ነበር። ከላይ ግንብ አጥር ያለው ሰፊ ግቢ አለ፤ ከአጥሩ ሥር የወጣ ቱቦ የሽንት ቤቱን ፍሳሽ ወንዙ ውስጥ ይደፋል። ዝቅ ብሎ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ከእነሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ ሰዎች ለመጠጥ በእንስራ ይቀዳሉ። ይህንን በአንድ ረጅም ወረቀት ላይ ሣልኩት፤ ቱቦው በግራ፣ ሴቶቹ በመካከል፣ እንስራው በቀኝ። ካሜራው ሳይቋረጥ ከቱቦው ተነሥቶ እንስራው ላይ እንዲደርስ ፈለግኩ። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ቆሻሻው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ በዓይኑ ይከተላል።

ሥራው የሚመስለውን ያህል ቀላል አልነበረም። ካሜራው በብረት ዓምድ ላይ ተሰቅሎ ወደ ታች የሚያይ ነው። እሱ ባለበት ይቆማል፤ ከሥሩ ወረቀቱ ነው ወደ ግራ የሚሳበው፣ ተመልካቹ ግን ካሜራው ወደ ቀኝ የሄደ ይመስለዋል። ለአንድ ሰከንድ ሃያ አራት ምስል ያስፈልጋል። ወረቀቱን በየምስሉ ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል እንድናንቀሳቅስ አሰብኩ፤ ከዚያ ቢፈጥን የአጥሩ ቋሚዎችና የባሕር ዛፎቹ ግንዶች ዓይን ላይ ይዘላሉ። ሲነሣም ግማሽ ሚሊ፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ አንድ ተኩል እያለ ነው የሚፈጥነው፤ ሲቆምም እንዲሁ ቀስ እያለ። አለዚያ እንደ ጋሪ ይንገጫገጫል።

አንድ ወረቀት ብቻውን ግን ጠፍጣፋ ነው። ስለዚህ የኮልፌ በያጅ ከአሮጌ የአልጋ ብረት ሦስት መስታወት የሚሸከም መደርደሪያ ሠራልን። ለካሜራው የሚቀርበው የላይኛው መስታወት ላይ ሣርና የዛፍ ግንድ፣ መካከለኛው ላይ ወንዙና ሰዎቹ፣ የታችኛው ላይ ተራራው። የቅርቡ ብዙ ይሳባል፣ የሩቁ ጥቂት፤ ከመኪና መስኮት ስታዩ የመንገዱ ዳር ዛፍ እያለፈ ተራራው እንደሚከተላችሁ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ካሜራው በዓምዱ ወርዶ ወደ እንስራው ይቀርባል። ያኔ ሣሩ ፈጥኖ እየተለቀ ከምስሉ ይወጣል፤ ተራራው ግን ባለበት የቆመ ያህል ነው። ሥዕሉ አንድ ወረቀት ላይ ቢሆን ኖሮ ተራራውም ከእንስራው እኩል ያብጥ ነበር። አወራረዱም እኩል እኩል ከሆነ መጨረሻ ላይ የሚወረወር ስለሚመስል፣ እየቀረበ ሲሄድ እርምጃውን አሳንሳለሁ። መብራቶቹን መስታወቱ እንዳያንጸባርቅ ከጎን አዘንብለን፣ ካሜራውን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነን፣ እያንዳንዱን እርምጃ ሠንጠረዥ ላይ ጽፌ ጨረስኩ።

ኃላፊያችን ሥራውን ሊያዩ የመጡት ቀረጻው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ወረቀቱን ከቀኝ ወደ ግራ እያዩ ሄደው ግንቡ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። የማን ግቢ እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ ያውቁታል። ሥዕሉ ግሩም ነው አሉ፤ ጊዜው አጭር ስለሆነ ግን ጉዞው ማጠር አለበት አሉ።

«ከሴቶቹ ጀምሪው» አሉኝ።

ከሴቶቹ ከጀመረ ቆሻሻው ከእነሱ የመነጨ ይመስላል አልኳቸው። ካሜራ መጀመሪያ ያረፈበትን ሰው ተመልካቹ የነገሩ መነሻ አድርጎ ነው የሚይዘው፤ ይህን ሠንጠረዡን እያሳየሁ ለማስረዳት ሞከርኩ። አሳጥሩ ከተባለም ከእንስራው አጠገብ ያለውን ባዶ ዳርቻ እቀንሳለሁ አልኩ። አዳመጡኝ፣ ከዚያ ሠንጠረዡን አጥፈው መለሱልኝ።

«ልጄ፣ የሚቀረጸው ሥዕል ነው፤ ፍርድ ቤት አይደለም» አሉ።

ባልደረባዬ ሌንስ ይወለውል ነበር። ቀና አላለም። በኋላ አምስት ቤተሰብ እንደሚያስተዳድር ነገረኝ፤ አልፈረድኩበትም ብል ግን እዋሻለሁ።

ሁሉን ጥዬ መውጣት እችል ነበር። አልወጣሁም። እንደገና ቁጭ ብዬ አሰላሁ። መስታወቶቹ በተለያየ ፍጥነት ስለሚሄዱ፣ መካከለኛውን ከመሃል ካስጀመርኩት የላይኛውንም የታችኛውንም መነሻ አብሬ ማዛወር ነበረብኝ፤ አለዚያ አንድ የባሕር ዛፍ ግንድ የሴቶቹ ፊት ላይ ይቆማል። ያ ግንድ ባይነሣ ይሻል ነበር እላለሁ አሁን። እኔ ግን ፊታቸው ጥርት ብሎ እንዲታይ አደረግኩ። ካሜራው ሁለት ሰከንድ ሙሉ እነሱ ላይ ቆሞ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሣ።

ፊልሙ መጀመሪያ የታየው እዚያው ኮልፌ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ መስኮቶቹ በብርድ ልብስ በተሸፈኑበት የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው። ሰው ሞልቶ ነበር። ኃላፊያችን ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ወንዙ ሲመጣ ሰው በአድናቆት ተንሾካሾከ፤ ሣሩ በፊታቸው ሲያልፍ አንዳንዱ ራሱን ዘወር አደረገ። ካሜራው እንስራው ጋ ደርሶ ሲቆም ተጨበጨበ።

መብራት ሲበራ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ከኋላ ተነሡ። እጃቸው በሳሙና የነጣ አጣቢ ነበሩ፤ ወንዙ ዳር ሥዕል ስነድፍ አይቻቸው፣ ድንጋይ አቀብለው አስቀምጠውኝ ነበር። ማንንም ሳይሆን እኔን አዩ።

«ልጄ፣ ውሃው እኛ ጋ ሳይደርስ ንጹሕ ነው ያለሽ ማነው?» አሉኝ።

ኃላፊያችን ጥያቄ በኋላ ይስተናገዳል እያሉ ሲነሡ እኔ ቀድሜ ተነሥቼ ነበር።

«ማንም አላለኝም፣ እትዬ። ሥዕሉ ከግንቡ ሥር ካለው ቱቦ ነበር የሚጀምረው። ከእርስዎ እንዲጀምር ያደረግኩት ታዝዤ ነው» አልኩ።

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ፤ ሌሎች ሴቶችም ተከተሏቸው። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስሮጥ በሩ ጋ በሰው ተዘጋሁ።

በማግስቱ ሦስት ሴቶች የግንቡን በር አንኳኩተው ስለ ቱቦው ጠይቀው እንደነበር ሰማሁ። ዘበኛው አባረራቸው። እኔም በዚያው ሳምንት ከፊልም ሥራ ተነሥቼ የቢሮ በር ላይ ስም እንድጽፍ ተዛወርኩ። ፊልሙ ግን እንዳለ ቀረ፤ በመኪና ተጭኖ ከሰፈር ሰፈር ሲታይ ከረመ።

ኃላፊያችን ያደረጉትን ያደረጉት የግቢውን ጌታ ፈርተው ነው፤ ያ ይገባኛል፣ ባልምራቸውም። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የራሴ እጅ ነው። ያ የተቆረጠ ጉዞ በሕይወቴ ካቀድኳቸው ሁሉ የተዋጣለት ነበር፤ አንድ ቦታ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።