አምስት ጊዜ ከተሳሳተ ይዘጋል

ቡታጅራ ውስጥ የአንድ የግል ትምህርት ቤት የውጤት ሲስተም የሠራሁት እኔ ነኝ። ይህን ድሮ ደረቴን ነፍቼ ነበር የማወራው፤ አሁን ሰው ካልጠየቀኝ አላነሳውም።

ሲስተሙ ሁለት መግቢያ ነበረው። አንዱ መምህራን በኮምፒውተር የሚከፍቱት ገጽ ነው። ሌላው ስልካቸው ላይ ያለው አፕ ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገርበት፣ እኛ ኤፒአይ የምንለው ነው። መምህራኑ ረጅም ፓስወርድ ስለሰለቻቸው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ፈቀድኩላቸው። አራት አሃዝ ማለት አሥር ሺህ አማራጭ ብቻ ነው፤ በሰከንድ አሥር የሚሞክር ፕሮግራም ሃያ ደቂቃ አይፈጅበትም። ስለዚህ ሁለቱም ላይ ገደብ አበጀሁ፤ ከአንድ የኢንተርኔት አድራሻ አምስት ጊዜ የተሳሳተ ሩብ ሰዓት ይጠብቃል። በዚህ አካሄድ ሁሉንም ቁጥር ልሞክር ያለ ሦስት ሳምንት ይቀመጣታል።

ውጤት የሚሞላበት ቀን ደረሰ። መምህራኑ በሙሉ አንድ ክፍል ተሰብስበው፣ በአንድ ዋይፋይ፣ በየስልካቸው ሊሞሉ ጀመሩ። ለሰርቨሩ ሁሉም አንድ አድራሻ ናቸው። ሁለት ሦስት ሰው ቁጥሩን ሲስት የሁሉም አፕ አልገባም አለ። ርእሰ መምህሩ ወልቂጤ እያለሁ ደወሉልኝ።

«አንተ ልጅ፣ ሥራ አስፈታኸን እኮ።»

ቁጡ ነኝ፣ ሲጮኹብኝ ደግሞ ማሰብ አልወድም። የአፑን ገደብ «ለዛሬ ብቻ» ብዬ አነሳሁት። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው። ሥራው አለቀ፣ አመሰገኑኝ፣ እኔም ረሳሁት።

ከወር በኋላ የአንድ ተማሪ የሒሳብ ውጤት ከፍ ተደርጎ ተገኘ። የተቀየረው በሒሳብ መምህርቷ ቁጥር ተገብቶ ነው። ልጁ የጎረቤታቸው ልጅ ነበርና ሐሜቱ ወዲያው ተነሣ። እኚህ ሴት፣ ዛሬም ቲቸር የምላቸው፣ እኔንም ዘጠነኛ ክፍል ያስተማሩኝ ናቸው፤ ለግማሽ ነጥብ እንኳ ተማጽነናቸው አያውቁንም ነበር።

ነገሩን የሚያጣራው የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ጠራኝና በሚኒባስ ሄድኩ። መምህራኑ ሁሉ ባሉበት ኮምፒውተሩን ከፍቼ አምስት ጊዜ ሆን ብዬ ተሳሳትኩ። ገጹ ሩብ ሰዓት ጠብቅ አለኝ። «አያችሁ?» አልኩ። «ቁጥሩን ገምቶ የሚገባ የለም። ካልሰጡት በቀር።»

ቲቸር አልተቆጡም። «ለማንም አልሰጠሁም» አሉ። ቀጥለው፣ «በስልክ የሚገባውስ እንዲሁ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«እንዲሁ ነው።»

«አይተኸዋል?»

«የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ፣ ቲቸር።»

አንዳንዱ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ። ያንን ፈገግታ ሳስታውስ ዛሬም ፊቴን መሸፈን ያምረኛል። ለቲቸር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባቸው፣ ክፍላቸውም ለሌላ ተሰጠ።

እውነቱን ያገኘሁት ሌላ ነገር ስፈልግ ነው። የአፑን የመግቢያ ሙከራ መዝገብ ስከፍት በአንድ እሑድ ከሰዓት በእሳቸው ስም ብቻ የተሳሳተ ሙከራ ተደርድሯል፤ 0000፣ 0001፣ 0002 እያለ በሺዎች። የሚያስቆመው አልነበረም። በመጨረሻ አንዱ ገባ። ከማን ስልክ እንደመጣ እስካሁን አልታወቀም፤ በሩን ክፍት የተወው ግን ታውቋል።

ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ይህንንም ልጻፈው። ደንበኛ እንዳላጣ፣ ስሜ እንዳይጠፋ ብዬ፣ የሳቸው ስም ጠፍቶ እያለ። በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። ደብተር እያረሙ ነበር፤ እስክጨርስ እስክሪብቷቸውን አላስቀመጡም።

«የተናገርከው በሰው ፊት ነው» አሉኝ፤ «ይህንንም እዚያው ንገራቸው።»

ነገርኳቸው። በዚያው ክፍል፣ በስልኬ አፕ፣ በራሴ ስም የተሳሳተ ቁጥር እየመታሁ። አምስት፣ አሥር፣ ሃያ። ርእሰ መምህሩ «በቃ፣ ገብቶናል» አሉ። የሳቀ ሰው አልነበረም። ደብዳቤው ተሰረዘ፣ ክፍላቸው ተመለሰ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ሐሜቱን ግን ማንም ሰርዞ አልጨረሰውም።

ገደቡን እንደገና ሠራሁት። አሁን ሙከራው በአድራሻ ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ መምህር ስምም ይቆጠራል። የጋራው ዋይፋይ ሰፋ ያለ ገደብ አለው። ስሕተት በበዛ ቁጥር ጥበቃው ይረዝማል፤ ለዘለቄታው ግን አይቆለፍም፣ አለዚያ ተንኮለኛ ሆን ብሎ እየተሳሳተ መምህሩን ውጪ ያስቀራል። ቁጥሩንም ረጅም ፓስወርድ አደረግሁት።

አዲሱን አስረክቤ ከትምህርት ቤቱ ስወጣ ቲቸር ግቢው በር ላይ አገኙኝ።

«የስልኩን አይተኸዋል?»

ጠዋት አይቼው ነበር። ቢሆንም ስልኬን አውጥቼ፣ አፑን ከፍቼ፣ ፊታቸው እንደገና ሞከርኩት። በስድስተኛው ጠብቅ አለ። እስክጨርስ ቆመው አዩኝ።

«ያን ቀንም ማየቱ የሚፈጀው ይህንኑ ያህል ነበር?» አሉ።

«አዎ፣ ቲቸር» አልኩ።