ብርድ እንዳይመታት

ሐኪሙ የእናቴን ጀርባ ሲያዳምጥ ቆየ። ራጇን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ አየና፣ «እማማ፣ ሲጋራ ያጨሱ ነበር?» አላት።

ደሜ ፈላ። እናቴ የወንጌል አማኝ ናት፤ በምትኖርበት በሁሩሙ ገበያ ላይ ሲጋራ የያዘ ሰው ካየች መንገድ የምትቀይር ሴት ናት። በሩ ክፍት ነበር፣ ኮሪደሩ ላይ ተራ ከሚጠብቁት መሀል ደግሞ አንዲት የቤተ ክርስቲያኗ ሴት ተቀምጣለች። «ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? እኛ ቤት እንደዚህ ያለ ነገር የለም!» ብዬ ጮህኩ፤ ኮሪደሩ እንዲሰማልኝ። እናቴ ትንፋሽ አጥሯት ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል፣ እኔ ስለ ስማችን እከራከራለሁ።

ሐኪሙ አልተቆጣም። «መጠየቅ ስላለብኝ ነው እህቴ። በእንጨት እሳት ስታበስል የኖረች እናት ሳንባዋ ከአጫሽ ሳንባ ጋር ይመሳሰላል። ጭሱ የአየር ቧንቧውን ያቆስለዋል፣ ያጠበዋል። ወጥ ቤትዎ መስኮት አለው እማማ?»

«የለውም።»

«ሲያበስሉ በሩን ይከፍቱታል?»

«እዘጋዋለሁ።»

«ለምን?»

እናቴ እኔ ጭን ላይ የተቀመጠችውን ልጄን በዓይኗ አሳየችው። «ብርድ እንዳይመታት» አለች።

ልጄ ሦስት ዓመቷ ነው። እኔ እዚህ መቱ ከተማ አስተምራለሁ፤ የምኖረው አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ ልጄን ጡት ካስጣልኳት ጀምሮ የምታሳድጋት እናቴ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ሁሩሙ እሄዳለሁ፣ እሑድ ማታ እመለሳለሁ። ልጄን ሳል ሲጀምራት በስልክ ትእዛዝ የምሰጠው እኔ ነበርኩ። «ብርድ ነው እማዬ፣ በሩን ዝጊው። እሳቱ አጠገብ አስቀምጫት።» የእኛ አገር ዝናብ መቼ እንደሚያቆም አይታወቅም፤ እንጨቱ ደርቆ አያውቅም፣ ከመንደዱ በፊት ይጨሳል። ሳሉ ሲብስ በሩ ይበልጥ ይዘጋል፣ ልጅቷ ወደ እሳቱ ይበልጥ ትጠጋለች። ሁለት ጊዜ የሳንባ ምች ይዟት መርፌ ተወግታለች። ሁለቱንም ጊዜ እናቴን፣ «ብርድ ላይ አውጥተሻት ነው» ብዬ ተቆጥቻታለሁ። እሷም የተማረች ልጇ ያለችውን ይዛ በሩን ዘጋች።

ሐኪሙ ልጄን አስነሥቶ ደረቷን አዳመጠ፣ ትንፋሿን ቆጠረ። «ሲር ሲር ይላል» አለ። «እማማ፣ ሕፃን ልጅ ጭስ ውስጥ ይዘው ይውላሉ እንዴ? እሷ እኮ ከእርስዎ ቶሎ ቶሎ ነው የምትተነፍሰው፤ ሳንባዋም ገና እያደገ ነው።»

«አላወቅኩም። ጥፋቱ የኔ ነው» አለች እናቴ።

«ዝጊው ያልኳት እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ አሁን ኮሪደሩ ድረስ አልተሰማም። ፊቴ እሳት ሆነ፤ ቀና ብዬ ሐኪሙን ማየት አቃተኝ። እናቴ ጉልበቴን ጎሸም አደረገችኝ፤ ሰው ፊት ራስሽን አታዋርጂ ማለቷ ነው። ከዚያ ስለ ራሷ ምንም ሳትጠይቅ፣ «የሷ ይድናል?» አለችው።

«ከጭሱ ከወጣች በአብዛኛው ይሻላታል። የእርስዎ ግን የተጎዳው አይመለስም። እርስዎም ከወጡ እንዳይብስ ማድረግ ይቻላል፤ ስለዚህ ሁለታችሁም ውጡ።»

«ገለኒ ዋቀዮፍ» አለች እናቴ፤ ደስ ሲላት እግዚአብሔርን የምታመሰግነው በኦሮምኛ ነው። «ሁለታችሁም» ያለውን የሰማች አትመስልም።

በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጧት። ነርሷ የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጥ ቀድዳ መድኃኒቱን ሰካችና፣ በጠርሙሱ አፍ በኩል ቀስ ብላ እንድትስብ አሳየቻት። እናቴ እንደ ተማሪ ደጋገመችው።

ከዚያ ወደ መናኸሪያ ወረድን። ልጄን እኔው ዘንድ ለማስቀረት ተስማምተን ነበር፤ ጎረቤቴ እንድትይዝልኝ ደውዬ ጠይቄያለሁ፣ የማበስለውም በኤሌክትሪክ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ዳቦ እንበላለን።

«አንቺስ? እኔ ጋ ሁኚ እንጂ» አልኳት።

«አባትሽን ማን ያበላዋል?»

አባቴ ደህና ነው። ሁለት እጅ አለው፤ ቡና ይለቅማል፣ ቀፎ ይሰቅላል። እንጀራ ከገበያ መግዛትም ይችላል። ደውዬ፣ «እማዬ እሳት ዳር መቀመጥ የለባትም፤ ወይ ለወጥ ቤቱ መስኮት አውጣለት፣ ወይ እኔ ጋ ትቆይ» ልለው እችል ነበር። ግን እናቴ ያንን ስትል ውስጤን ቀለል አለው። ክፍሌ ጠባብ ናት፣ አልጋዬ አንድ ነው፣ ደመወዜም ያው ነው። «እሱስ ልክ ነሽ» አልኳት። ሁለተኛ አልለመንኳትም።

እናቴ ልጄን ስማ፣ ጠርሙሱን በፌስታል ይዛ ወደ ሚኒባሱ ሄደች። ረዳቱ ቶሎ በይ ሲላት፣ ሁለት ደረጃ ወጥታ ትንፋሽ ለመውሰድ ቆመች። ከዚያ ወንበሯን ይዛ በመስኮቱ፣ «በቃ ሂዱ፣ ልጅቷን ፀሐይ አታስመቻት» አለችኝ። ለአባቴ ምሳ እንድትደርስ መኪናው ቶሎ ወጣላት። እሳቱን የምታነድደው እሷው ናት።