ዐረፋና መስቀል በአንድ ሳምንት

የጨርቅ ነጋዴ ሚስት መሆን ምን ማለት እንደሆነ ያልገባው ሰው ካለ ልንገረው፤ ሱቁን የምትጠርገው፣ ጨርቁን የምትለካው፣ ከገዢ ጋር የምትከራከረው ሚስት ናት። ባል ያስባል። የኔ ባል ደግሞ በጣም ያስብ ነበር። መርሳ ከተማ ላይ፣ ከመኪናው መንገድ ዳር ባለችው ጠባብ ሱቃችን፣ ከባንኮኒው ኋላ ወንበሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሲያስብ ያየው ሰው አገር የሚመራ ይመስለው ነበር። ያን ጊዜ አገር የሚመሩትም እንደዚያው ያስቡ ስለነበር አልፈርድበትም።

የሚያስበው ስለ ወራት ነው። በእኛ በኩል ጨርቅ ዓመቱን ሙሉ አይሸጥም። ማሽላው ታጭዶ ጎተራ ከገባ በኋላ ጥርና የካቲት ሠርግ ነው፤ ሙሽራ ይለብሳል፣ ሚዜ ይለብሳል፣ ያልተጠራውም ይለብሳል። ፋሲካ አለ፤ እንቁጣጣሽና መስቀል አለ። ሐምሌና ነሐሴ ግን ገበሬው ያለውን ለዘርና ለአረም ጨርሶ፣ ወንዙም ሞልቶ፣ ከጨው ከክብሪትና ከላምባ በቀር የሚገዛው ነገር የለም። እኔም በእነዚያ ወራት ዝንብ ስጠብቅ እውል ነበር፤ ዝንቦቹም ቢሆኑ ወደ ሥጋ ቤቱ ነበር የሚያዘነብሉት።

የሙስሊሙ በዓል ደግሞ እግር አለው። በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣል። አንድ ዘመን ገበሬው ኪሱ ሞልቶ ሳለ ይውላል፤ ዓመታት አልፎ ደግሞ ክረምት መሐል ይገባና ነጋዴውን ያስለቅሳል። ስለዚህ በእኛ ወረዳ በሀብሩ ጨርቅ የሚነግድ ሰው ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም ሁለት የዘመን አቆጣጠር በራሱ ላይ ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ባሌ በእናቱ በኩል ሙስሊም ዘመዶች ስላሉት ይህን እውቀት የወረሰው ይመስለው ነበር።

በዚያ ዓመት ትልቋ ልጃችን ታጭታ ነበር። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ እንዲሆን ሽማግሎች ተስማምተዋል። ድግሱ አለ፤ ከድግሱ በላይ ግን ሣጥኑ አለ። ልጅ ከወላጆቿ ቤት ስትወጣ ልብስ የሞላ ሣጥን ይዛ ትወጣለች፤ ሴቶች ሁሉ ከፍተው ያዩታል። የገበሬ ልጅ ሣጥኗ ቢጎድል ዘመኑ ነው ይባላል። የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ሣጥኗ ከጎደለ ግን እስከ ልጅ ልጅ ይወራል። ድግሱም ሣጥኑም ከመስከረም ገበያ ትርፍ እንዲወጣ ተወሰነ፤ የወሰነው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

ነሐሴ ላይ ባሌ ውርጌሳ ወደሚኖሩት አጎቱ ወደ ሼሁ ሄዶ ተመለሰ። ፊቱ በርቶ ነበር።

«ዐረፋ ዘንድሮ ከመስቀል ጋር ትገጥማለች» አለኝ። «በአንድ ሳምንት! ሼሁ እንዳሉት ጨረቃዋ ከታየች ምናልባት በዚያው ዕለት።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ሁለት በዓል፣ ሁለት ገበያ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ? እኛ ዘንድሮ በሁለቱም እንንጠለጠላለን።»

ሁለት ጊዜ አንድ ሁለት መሆኑን የሚክድ ስለሌለ እኔም ተስማማሁ። የአንገት ወርቄን አውልቄ ሰጠሁት። እሱን ሸጦ ደሴ ወጣ። ነሐሴ ላይ የደሴ ጅምላ ሻጮችም እንደኔው ዝንብ ጠባቂዎች ስለሆኑ ዋጋ ይቀንሳሉ፤ መስከረም ከገባ ግን ሁሉም ነጋዴ ስለሚሻማ ዋጋው ይወጣል፣ ደህናው ጨርቅም ያልቃል። እስከዚህ ድረስ የባሌ ሐሳብ እንከን አልነበረውም። ፖፕሊኑን፣ አበባ ያለበትን የቀሚስ ጨርቅ፣ ሻሹን፣ የልጆች ካኪውን በሌላ ዓመት ከሚያመጣው እጥፍ አድርጎ፣ በጭነት መኪና ሸራ ሥር እሱም አብሮ ተሸፍኖ፣ ጭቃ ለብሶ መጣ። ጓዳችን ሞልቶ እኛ የምንተኛው ጨርቁን ተደግፈን ሆነ።

ለበዓል የሚሆን ጨርቅ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ካልተገዛ ዋጋ የለውም፤ ሰፊዎቹ ሥራ ይበዛባቸውና ዘግይቶ የመጣውን አይቀበሉም። ስለዚህ ገበያው መልካም ይሁን ክፉ የምናውቀው ገና እንቁጣጣሽ እንዳለፈ ነው። ሰው መጣ። እውነቱን ለመናገር ብዙ ሰው መጣ። ግን እያንዳንዷ ሴት ለልጆቿ አንድ አንድ ቀሚስ ብቻ እያስቆረጠች ትሄድ ጀመር። ጎረቤታችን የሆነች ሙስሊም ሴት፣ እህቷ ለክርስቲያን የተዳረች፣ ሌላ ጊዜ ሁለቴ የምትገዛ ደንበኛችን ነበረች። እሷም አንዱን ይዛ ልትወጣ ስትል አላስቻለኝም።

«እቴ፣ የመስቀሉንስ አትወስጂም?»

«የምን መስቀል?»

«ልጆችሽ እህትሽ ቤት ደመራ ሲሄዱ የሚለብሱትን ነዋ። ሁልጊዜ ትገዢ የለም?»

«አይ እናቴ፣ ዘንድሮስ አላህ አገዘን» አለች እየሳቀች። «ባንዱ ልብስ ዐረፋንም ይውላሉ፣ ደመራንም ያያሉ። ወላሂ እህቴም እንደዚሁ ነው ያደረገችው። ልብሱ ገና በሳምንቱ መች ያረጅና?»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። በእኛ አገር የክርስቲያን ልጅ ለመስቀል ይለብሳል፤ ለዐረፋ ሙስሊም ዘመዶቹ ጋ ሲሄድ ደግሞ አሮጌ ለብሶ እንዳያፍር ሌላ ይሰፋለታል። የሙስሊሙም ልጅ እንዲሁ። ይህ ልማድ ነው ለዓመታት እንጀራችን የነበረው። በዓላቱ ሲራራቁ አንድ ቤት ሁለት ጊዜ ይገዛል፤ ሲገጣጠሙ አንድ ጊዜ ይገዛና እግዜርንም አላህንም ያመሰግናል። ባሌ ሁለት በዓል ሲገጥም ገበያው እጥፍ ይሆናል ያለው ግማሽ በሚሆንበት ዓመት ነበር። የሁለቱም ሃይማኖት ዘመድ ስላለው ነገሩን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ባይሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ስሕተት አይሳሳትም ነበር።

ደመራው ተለኮሰ፣ በጉም ታረደ፣ ልጆቹም በአንድ ልብስ ከቤት ቤት ሲሯሯጡ ዋሉ። ቆንጆ ልብስ ነበር፤ ከኛ ነው የተገዛው። የቀረው ግማሽ ጓዳ ውስጥ ተከምሮ ጥቅምት ገባ። ጥቅምት ደግሞ ማሽላው ገና እሸት ስለሆነ ማንም የማይገዛበት ወር ነው። ባሌ ግን አልተሸበረም። ጨርቅ እንደ ቲማቲም አይበሰብስ፤ መኸሩ ይግባ እንጂ ጥር ላይ ለሠርግ ይሸጣል አለ። ይህ ሐሳቡ ትክክል ነበር። ትክክል መሆኑ ነው የጎዳን።

ቀበሌው የተከማቸ ሸቀጥ ያስሳል የሚል ወሬ በሰማን በማግሥቱ ሊቀ መንበሩ ከሁለት ጠመንጃ ያዦች ጋር መጣ። የለበሰው ካኪ ሱሪ ከኛ የተገዛ ነበር። ጓዳውን ከፍቶ ክምሩን አየና ወደ ባሌ ዞረ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ጨርቅ ነው፣ ጓድ።»

«ለምን አልተሸጠም?»

«ገዢ ጠፋ።»

«ገዢ ከሌለ ለምን ገዛኸው?»

«ገዢ ይመጣል ብዬ።»

«መቼ?»

«በጥር።»

ሊቀ መንበሩ ራሱን ነቀነቀ። ወንጀለኛ በገዛ አፉ እንዲህ የተሟላ ቃል ሲሰጠው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ሸቀጥ ደብቆ፣ ሕዝቡ ሲቸገር ጠብቆ ለማውጣት ማሰብ የኢኮኖሚ አሻጥር ይባል ነበር። ባሌ ሕዝቡ በጥቅምት ጨርቅ እንዳልቸገረው፣ የቸገረው ገንዘብ እንደሆነ ሊያስረዳ አፉን ከፈተ፤ እኔ እግሩን ረገጥኩት። ሽማግሎች ገቡበትና ከመታሰር ዳነ። ጨርቁ ግን ሙሉ በሙሉ ለቀበሌው ኅብረት ሱቅ፣ እነሱ በቆረጡት ዋጋ እንዲሸጥ ተወሰነ። ዋጋው የደሴውን ግዢ እንኳ አይሸፍንም ነበር። ያገኘነው ለድግሱ እህልና ለበሬው አለቀ። ለሣጥኑ ምንም አልተረፈም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኔን ሳያዩ የተናገሩት ነው።

የኅብረት ሱቁ የራሱ ዕቅድ ነበረው። ዓመቱን ለአሥራ ሁለት እኩል ማካፈል ነው፤ ለነሐሴ የመጣው ስኳር ለጥርም ያው ነው። ጳጉሜን የት እንደሚያደርጓት አላውቅም፤ ምናልባት እሷም አሻጥረኛ ተብላ ታስራ ይሆናል። የኛን ጨርቅ ግን አላካፈሉትም። መጋዘን ውስጥ ቆልፈው አስቀመጡት፤ ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥም አለፈ። ጥር ላይ፣ ማሽላው ገብቶ ሰው ሁሉ ለሠርግ ሲራወጥ፣ ከደሴ ጨርቅ ጠፋ ሲባል፣ የሱቁን በር ከፈቱት።

የሠርጉ ሳምንት ስለነበር እኔም የቀበሌ ካርዴን ይዤ ተሰለፍኩ። ለአንድ ቤት አንድ ቀሚስ የሚበቃ ብቻ ነው የሚሸጠው። ሊቀ መንበሩ በረንዳው ላይ ቆሞ ንግግር አደረገ። ሱቁ የወቅቱን የሕዝብ ፍላጎት አስቀድሞ በማጥናት ሸቀጡን ከጥቅምት ጀምሮ በጥንቃቄ ማቆየቱን፣ ይህም የዕቅድ ውጤት መሆኑን አስረዳን። አጨበጨብን። ባሌ ከወንዶቹ ጋር ቆሞ ከሁሉም በላይ ረጅም ጊዜ አጨበጨበ፤ ሊቀ መንበሩ እስኪያየው ድረስ።

ተራዬ ደርሶ ራሴ ነሐሴ ላይ ያጠፍኩትን አበባ ያለበት ጨርቅ ተቀበልኩ። አንድ ቀሚስ። ለአንድ ሣጥን አንድ ቀሚስ። ቀና ማለት አፍሬ ወደ ቤቴ ልሄድ ስል ያቺ ጎረቤቴ ከኋላዬ ደረሰችብኝ፤ የራሷን ድርሻ ክንዴ ላይ ጣል አደረገችው።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ለሙሽራዋ ነው። የእኔ ልጆች የመስከረሙ ገና አዲስ ነው።»

ሙሉ ጥቅምትን በሆዴ ስረግማት የከረምኩት ይህችን ሴት ነው። እህቷም የራሷን አመጣች። ከዚያ አንዷን እያየች ሌላዋ፣ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም፣ በዚያ መስከረም አንድ አንድ ብቻ እያስቆረጡ ያለፉት ሁሉ ከሰልፉ እየወጡ ደረደሩብኝ። ባለጠመንጃው መከልከል እንዳለበት አስቦ ወደ ሊቀ መንበሩ ዞረ፤ ሊቀ መንበሩም ከሕዝቡ ፊት ምን እንደሚል ጠፍቶት ወደ መጋዘኑ ገባ። መንገዱ ላይ ጨርቁን ታቅፌ ስሄድ የማየው ነገር አልነበረም፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር።

በሠርጉ ዋዜማ ሣጥኑ ከመሙላቱ የተነሣ አልገጥም አለ። ባሌ ክዳኑ ላይ ተቀመጠበት። እኔ ቁልፉን ሳዞር እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ያለቅስ ነበር።