በሁለት ፊደል የመጣ ጠብ

በሁለት ፊደል የመጣ ጠብ ሊጻፍ ይገባዋል? ብዙ አመንትቻለሁ፤ አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም።

የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ሆሳዕና ውስጥ በአንድ የባህል ልብስ ሱቅ እሠራ ነበር። ባለቤቷን እትዬ ነው የምላቸው። የሱቁን የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ የሚይዘው የወንድማቸው ልጅ ነበር፤ ከመጀመሪያውም አልወደደኝም።

ለያሆዴ፣ ለሀዲያ ዘመን መለወጫ በዓል፣ እትዬ አንድ ነገር አሰቡ። ደንበኞች ከእኛ የገዙትን ልብስ ለብሰው በሱቁ ሃሽታግ ፎቶ ይለጥፋሉ፣ ከእነሱ መካከል በዕጣ አንድ ሰው ሙሉ ልብስ ይሸለማል። ሃሽታጉንና ከፎቶው ሥር የሚጻፈውን ካፕሽን እኔ እንዳዘጋጅ አዘዙኝ፤ ለበዓሉም ገጹ ላይ አስገቡኝ። ከተሳካልኝ ገጹን ለእኔ እንደሚሰጡኝ እሱ እየሰማ ተናገሩ።

#ያሆዴ_በሆሣዕና ብዬ ጻፍኩ። የከተማዋን ስም መጽሐፍ ላይ ያየሁት እንዲህ ነው። እሱ ሳቀ።

«ፕሮፌሰር፣ ለደንበኛ ፈተና ልትሰጪ ነው? ማን ነው በስልክ ‹ሣ›ን የሚፈልገው? አማርኛ የትምህርት ቤት ስለሆነብሽ ነው ፊደል የምትቆጥሪው።»

እውነቱን ነበር። ቤታችን የሚነገረው ሀዲይኛ ነው፤ ሰው እንዳይስቅብኝ ፊደል እጠነቅቃለሁ። ስለተናደድኩ አልለወጥኩትም። ካፕሽኑ ላይም «ሃሽታጉን ኮፒ አድርጋችሁ ለጥፉ» ማለት ረሳሁ።

በዓሉ አለፈ። ሃሽታጉን ስፈልግ ያገኘሁት ዘጠኝ ፎቶ ብቻ ነው። ዕጣው ውስጥ የሚገቡትን የዘጠኙን ሰዎች ዝርዝር ለጠፍን። በማግስቱ ከጊምቢቹ አንዲት ሴት መጡ፤ ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከሴት ልጆቻቸው ጋር ተነስተው የለጠፉት ፎቶ ሥር #ያሆዴ_በሆሳና ይላል።

«እንደምንጠራው ነው የጻፍኩት፤» አሉ። «ልብሱን ስትሸጡልኝ አውቃችሁኝ ነበር፤ ዛሬ አጣችሁኝ?»

የእትዬ ወንድም ልጅ ደንብ ደንብ ነው አላቸው። ዝም ብል ደንቡ ያድነኝ ነበር፤ ገጹም የእኔ ይሆን ነበር። ሴትየዋ ግን የሚያዩት እኔን ነው።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤» አልኩ። «ፊደሉ ከተለወጠ ስልኩ ሌላ ሃሽታግ ነው የሚለው። ሰው ሁሉ እንደየልማዱ ጽፏል።»

በሆሳና፣ በሆሳዕና፣ በሆሳእና እያልኩ እዚያው ፊታቸው ፈለግኩ። ከአርባ በላይ ፎቶ ወጣ፤ ከሀቢቾ፣ ከሺንሺቾ የመጡም ነበሩበት። እትዬ ሁሉም ዕጣው ውስጥ ይግቡ አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አርባ ሰው ልታስቀይሚብኝ ነበር። ገጹን ለእሱ አስረክቢ።»

ዕጣው ለሌላ ሰው ወጣ። ሴትየዋ ሳይሰናበቱን ሄዱ። እሱ የጻፍኳቸውን ካፕሽኖች አንድ በአንድ አጠፋ፤ ሲያጠፋም ጮክ ብሎ እያነበበ ነበር። በመጨረሻ ከገጹ አስወጣኝ። መስከረም 24 ቀን ነበር።