የልቡ ቀኝ፣ የገጹ ግራ

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል። እህቴ ኮሌጅ ገብታ ነርስነት ለመማር የተፈተነችው የባዮሎጂ ወረቀት ተመለሰላት። የልብ ሥዕል ከሚጠይቀው የአሥር ነጥብ ጥያቄ ያገኘችው ሦስት ነበር። ለማለፍ አምስት ነጥብ ጎደላት።

ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ያለነውም በስደት ነው። ዳውንታውን፣ መሀል ከተማ፣ የደንበኞች መኪና ፓርክ በምታደርግበት ሥራዋ ወድቃ ቀኝ እጇ ጀሶ ውስጥ ነበር። ኮሌጁ በግራ እጇ በታይፕ እንድትጽፍ፣ ሥዕሉንም በቃላት እንድትገልጽ በጽሑፍ ፈቅዶላታል። መምህሩ በቀይ «ቀኝና ግራ ተገለባብጧል» ብሎ ሰርዞታል።

«ቀኝና ግራ አታውቅም አለኝ» አለች ፌርፋክስ መንገድ ላይ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ተቀምጠን። «ሙሉ ቀን የሰው መኪና በሪቨርስ የማስገባዋን ሴት!»

ወረቀቱን አነበብኩ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «ሥዕሉ ፊቱን ወደ እኛ ያዞረ ሰው ልብ ነው፤ ስለዚህ የልቡ ቀኝ በገጹ ግራ በኩል ይሳላል።» ትክክል ነው። የመማሪያ መጽሐፉም የሚስለው እንዲሁ ነው። መምህሩ ይህችን መስመር ዘሎ ነው የፈረደው። ደሜ ፈላ፤ ግን ንዴት ማስረጃ አይሆንም።

አጠገባችን አንድ የወሎ ሰው፣ ታክሲ የሚነዱ ሽማግሌ፣ ሻይ ይጠጡ ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ የማነበውን ብቻ ይሳሉልኝ። ከራስዎ ምንም አይጨምሩ።»

«ከራሴ ምን አለኝና ነው የምጨምረው?» ብለው እስክሪብቶዬን ተቀበሉ።

የእህቴን ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ጫፉ ወደ ታች የሾለ እንቁላል። መሀሉን ከላይ እስከ ታች የሚከፍል ወፍራም መስመር፤ ሁለቱን ጎኖች ላይና ታች የሚከፍል አግድም መስመር። የልቡ ግራ የታችኛው ክፍል ግድግዳው ከሁሉም ይወፍራል። ከየክፍሉ ውስጥ ቀጭን መስመር ወጥቶ ጫፉ ላይ ስም ይጻፋል፤ መስመሮቹ እርስ በርስ አይጠላለፉም። ቀስቶቹ በልቡ ቀኝ ከላይኛው ወደ ታችኛው፣ ከዚያ ወደ ሳንባ፤ ከሳንባ ወደ ግራው ላይኛ፣ ወደ ታችኛው፣ ከዚያ ወደ ሰውነት።

አራቱም ስሞች መጽሐፉ ባስቀመጣቸው ቦታ ተቀመጡ። ከዚያ ሽማግሌው እስክሪብቶውን ከወረቀቱ አንሥተው ወደ እህቴ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይህ አግድም መስመር ግድግዳ ነው። ቀስቱ በየት ይለፍ? በር አላልሽም።»

እህቴ ወረቀቷን ስባ አየች። የላይኛውን ከታችኛው የሚያገናኘውን፣ ወደ ታች ብቻ የሚከፈተውን ክዳን አልጻፈችውም።

«ይህን ቢቆርጥብኝ እሺ» አለች። «የቆረጠው ግን ልክ የሆነውን ነው!»

በማግስቱ ሥዕሉን፣ መጽሐፉንና የፈቃዱን ደብዳቤ ይዘን መምህሩ ቢሮ ገባን።

«ሥዕል መቀበል አልችልም» አለ።

«አይቀበሉ» አልኩት። «ይህን የሳለው ልብ አይቶ የማያውቅ ሰው ነው፣ ከእሷ ቃላት ብቻ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ያንብቡልኝ።»

አነበበ። ደግሞ አነበበ። ይቅርታ አልጠየቀም። ክዳኖቹ በጽሑፉ እንዳልተጠቀሱ የነገረችው እህቴ ራሷ ናት፤ አንድ ነጥብ ቀንሶ ዘጠኝ ጻፈ።

ዓርብ ለነርስ ትምህርቱ ያለፉት ዝርዝር ተለጠፈ። ስሟ በታይፕ ከተጻፉት ስሞች በታች፣ በመጨረሻው መስመር፣ በእጅ ተጽፎ ነበር።