ጅብ ያነሳዋል

ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን እኖራለሁ። ባል የለኝም፣ ልጅ የለኝም። ሥራዬ የእንስሳት ሕክምና ስለሆነ ቢሮ ውስጥ "የከብት ሐኪም ሆነሽ እንዴት አንዲት ድመት እንኳን አታሳድጊም?" እያሉ ይቀልዱብኛል። ቀኑን ሙሉ የሰው በግና ላም ስዳስስ ውዬ ቤቴ ውስጥ የሚተነፍስ ነገር ማየት አልፈልግም እላቸዋለሁ። ውሸቴን ነው። ስገባ መብራቱን የማበራው እኔ፣ ስወጣ የማጠፋው እኔ፤ ይህ ነገር ሰውን ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚበላው የሚያውቅ ያውቀዋል።

እሁድ እሁድ የምሄድባቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ ወደ ወንዙ ሲወረድ፣ የቀረቻቸውን ቁራሽ የጤፍ መሬት ያርሳሉ፤ ስድስት በጎችም አሏቸው። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው ሳሪስና ከዚያም ወዲያ ተበትነዋል። መጀመሪያ የሄድኩት በግ ላክም ነው። በጉ ዳነ፣ እኔ ግን መሄዴን አልተውኩም። በሩ ላይ በርጩማ ያወጡልኛል፣ ቆሎ ያቀርቡልኛል፣ ስለ ዝናብ እናወራለን። በሳምንት ውስጥ የሚጠብቀኝ ቤት ያ ብቻ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት እዚሁ አጠገባችን ቂሊንጦ አካባቢ ውሻ በዛ ተባለ። ማለዳ የፋብሪካ ሰርቪስ የሚጠብቁ ሴቶች ተነከሱ። ትእዛዝ መጣና ስትሪክኒን የሚባለውን መርዝ በሥጋ ውስጥ እየከተትን በተንን። በማግስቱ ውሾቹ በየቦዩ ወድቀው ተገኙ። ሬሳውን ለቅሞ መቅበር ነበረብን፤ መኪናው ግን አልመጣም፣ ሹፌሩም ስልክ አያነሳም። ፀሐዩ ከረረ፣ አብረውኝ የነበሩት ደከማቸው። ያኔ "ተዉት፣ ጅብ ያነሳዋል" አልኩ። ሌላ ሰው አይደለም ያለው፤ እኔ ነኝ። የሞተ አህያም ሆነ የሉካንዳ ትርፍራፊ በዚህ አካባቢ ሲያነሳ የኖረው ጅብ ስለሆነ፣ ሁሉም የሚለው ቃል ከእኔም አፍ ሳላስብበት ወጣ። ቅጹ ላይ "ተቀብሯል" የሚለው ጎን ፈረምኩ።

የተማርኩትን አጥቼው አልነበረም። መርዙ ሳይፈጭ ውሻው ሆድ ውስጥ ይቀራል። ጅብ ደግሞ ሆድ ዕቃ መርጦ የሚተው እንስሳ አይደለም።

በሚቀጥለው እሁድ ሽማግሌው በርጩማ አላወጡም። ዱላቸውን ይዘው "ነይ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ" አሉና ወደ ወንዙ ወሰዱኝ። ገደሉ ሥር አራት ጅቦች ሞተው ነበር። እግራቸው እንደ እንጨት ደርቋል፣ አንገታቸው ወደ ኋላ ተቀልብሷል። ትንሽ ራቅ ብሎ ሁለት አሞሮች ክንፋቸውን ዘርግተው ተኝተዋል። አንዴ አይቼ አወቅሁ።

"ምንድን ነው የገደላቸው?" አሉኝ።

"በሽታ ይሆናል።"

"በሽታ አሞራውንም አብሮ ይገድላል?"

"አንዳንዴ" አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ። እውነቱን ብናገር ያ ቤት ይዘጋብኛል ብዬ ፈራሁ። ይኸው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሰፈሩ ጅብ በመጥፋቱ ደስ አለው። እኔ ግን ማታ ማታ ከወንዙ ወደ በረንዳዬ ይደርስ የነበረው ጩኸት ሲቀር ሰው የሄደብኝ ያህል ከበደኝ። ሽማግሌውም ተለወጡ። ከማሳቸው ማዶ አርባ ዓመት አብሯቸው ያረሰ ጎረቤት ነበራቸው፤ ጅቦቹ ከሞቱ በኋላ ሁለቱ ሲነጋገሩ አይቼ አላውቅም። ባለፈው ክረምት ጎረቤትየው ሲሞት ለቅሶ እንኳን አልደረሱም። የሽማግሌ ኩርፊያ ነው ብዬ አለፍኩት።

ውሾቹ ደግሞ ተመለሱ። ከመርዙ የተረፉት ጥቂቶቹ ወለዱ። ድሮ ቡችላውንና የደከመውን ጅብ ይለቅመው ነበር፤ ጠንካራውም ቢሆን ሲመሽ ፈርቶ ወደ ሰው ደጃፍ ይጠጋል። አሁን የሚፈሩት ጠፋ፤ ጅብ ያነሳው የነበረው ጥንብም ለእነሱ ቀረ። በጠራራ ፀሐይ በመንጋ መሄድ ጀመሩ። ወንዙ ዳር የነበሩትን ቀበሮዎች አባረሩ፣ ግልገሎቻቸውን በሉ፤ የውሻ በሽታም ሳይጋባባቸው አይቀርም። ሣር ውስጥ እንቁላል የሚጥሉት ወፎች ጎጆ ባዶ ሆነ። ቢሮ ስብሰባ ተጠርቶ እንደገና ሥጋ እንበትን ሲባል አንዱ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ብሎ አሳቀን። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ "እኔ አልፈርምም" አልኩ፤ ለምን ሲሉኝ ግን ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ኅዳር ላይ እሁድ ስሄድ ሽማግሌው ማሳው መሐል ቆመው አገኘኋቸው። ጤፉ ከሥሩ እየተቆረጠ ወድቋል፤ መሬቱ በጉድጓድ ተበሳስቷል።

"አይጥ ጨረሰው" አሉ። "ስልሳ ዓመት ሳርስ እንዲህ ያለ አይጥ አላየሁም። አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ከየት መጣ?"

ተቀመጥንና ነገርኳቸው። አይጡን ቀበሮ ይበላው ነበር። ቀበሮውን ውሻ አባረረው። ውሻውን ደግሞ ጅብ ይይዘው ነበር። ከላይ ያለው ሲነሳ ከሥሩ ያለው ሁሉ ይናጋል፤ ጅቡ አይጥ ሳይበላ ጤፉን ሲጠብቅ ኖሯል ማለት ነው።

"ዋራቤሳ?" አሉ፤ ጅብን የሚጠሩት በኦሮምኛ ነው። "ዋራቤሳ የእኔን ጤፍ ሲጠብቅ?"

"አዎ።"

"ታዲያ እሱን የገደለውስ?"

በሽታ ብዬ መድገም እችል ነበር። ግን የተቆረጠው ጤፍ እግራቸው ሥር ነበር፤ ዋሽቼ ቆሎአቸውን መብላት አቃተኝ። "እኔ ነኝ" አልኩ። መርዙን፣ ያልመጣውን መኪና፣ ከአፌ የወጣውን ቃል፣ ፊርማዬን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጡም። ማዶ ወዳለው የጎረቤታቸው ቤት ዞረው ነበር የሚያዩት።

"ጅብ አህያውን ሲበላበት 'እጨርሳቸዋለሁ' ብሎ እፊቴ ዝቶ ነበር" አሉ። "በሽታ ነው ስትዪኝ እሱን የምትሸፍኝለት መሰለኝ። አላደረግሁም ብሎ ማለልኝ፤ አላመንኩትም። በጎቼ በሚግጡበት መርዝ ጥሎ ይዋሸኛል ብዬ ሰላምታ ነሳሁት። ቀብሩ በዚህ ሲያልፍ በሬን ዘጋሁ።"

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ተነሡ። ቤት ገብተው ጋቢያቸውን እንደ ለቅሶተኛ ለብሰው ወጡ።

"አብሬዎት ልምጣ" አልኩ።

"አንቺ በጎቹን ጠብቂ።"

አይጥ የበላውን ማሳ በዱላቸው እየተደገፉ ሲያቋርጡ አየኋቸው። ከሟቹ ቤት ደጃፍ ሲደርሱ ቆሙ፤ ሚስትየው ወጣች። ምን እንዳሏት አልሰማሁም። የሰማሁት ጩኸቷን ነው፤ ሰውየው ዛሬ የሞተ ይመስል። ከዚያ የእሳቸው ድምፅ ከእሷ በላይ ወጣ፣ የሟቹን ስም እየጠሩ። ሰዎች ከየቤቱ እየወጡ ወደዚያ ሮጡ። እኔም ሄጄ አብሬያቸው ባለቅስ ደስ ባለኝ፤ እዚያ ቤት የምገባበት ፊት ግን አልነበረኝም።